የሆድ ሕመም ወደ ቀኝ ሲወርድ፦ ትርፍ አንጀትን ከድርቀትና ከጋዝ እንዴት መለየት ይቻላል?

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር በርጫ ያመሸ ሰው ሆዱን ሲያመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድርቀት ነው። ጫት ሆድ ስለሚያደርቅ ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ትርፍ አንጀት ሲቆጣም ግን አጀማመሩ ይመሳሰላል፤ እምብርት አካባቢ ያማል፣ ታማሚው «እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጣቱ ማሳየት ይቸግረዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓት ይያዙ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እምብርቱን ማመም የጀመረው ሰው ሌሊት አስመለሰው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ሕመሙ ከቀኝ ታችኛው ሆዱ ገብቶ አልንቀሳቀስም አለ እንበል። የትርፍ አንጀት የተለመደ አካሄድ ይህ ነው፤ ሕመሙ ይቀድማል፣ ማስመለሱ ይከተላል። ጋዝ ግን ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ ጠበቅ ለቀቅ ይላል፣ ፈስ ሲወጣ ይቀላል። ድርቀትም ሰገራ ከወጣ በኋላ ይረግባል። የምግብ ፍላጎት መጥፋትም ምልክት ነው፤ ምርቃና ላይ ያለን ሰው ግን በዚህ መመዘን አይቻልም። ምርቃናው ከለቀቀው በኋላ ጠዋት ፉል ቀርቦለት ዞር ካለ ያኔ ቁም ነገር ነው።

ቀጥሎ ያስሉት። ሲያስል ቀኝ ጎኑን ይዞ ከተኮማተረ፣ ወይም ባጃጁ ጉድጓድ ሲመታ ያችው ቦታ ከወጋችው ከጋዝ ይልቅ ትርፍ አንጀትን ይጠርጥሩ። ከዚያ በጀርባው አስተኝተው ጉልበቱን እንዲያጥፍ ያድርጉ። ከቀኝ ዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ እምብርት መስመር አለ ብለው ያስቡና ከአጥንቱ በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ ያለውን ነጥብ ይያዙ። በሁለት ጣት ከግራ ሆዱ ጀምረው በዝግታ እየተጫኑ ወደዚያ ይምጡ። ነጥቡ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ካመመው፣ ወይም ሆዱ ከጠነከረ፣ ደጋግመው አይጫኑ፤ ፍተሻው በቅቷል።

የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ሆነ ፌጦ አይስጡ። አንጀትን አስገድዶ ማንቀሳቀስ የተቆጣውን ትርፍ አንጀት ሊያፈነዳ ይችላል። ቀዶ ጥገና ሊኖር ስለሚችል ምግብም አይቅመስ። በጣም የሚያሳስተው ሕመሙ በድንገት ተግ ሲል ነው፤ ቤተሰብ «ተመስገን» ብሎ ይተኛል። ፈንድቶ ከሆነ ግን ከሰዓታት በኋላ ሆዱ በሙሉ ይጠነክራል፣ ትኩሳቱም ይጨምራል።

ሕጻናት፣ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ላይ ሕመሙ ይህን መንገድ ላይከተል ይችላል፤ በእርግዝና ጊዜ ከፍ ብሎም ሊሰማ ይችላል። የወር አበባ የቀረባት ሴት ቀኝ ጎኗን ካመማት ደግሞ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ጠዋትን አትጠብቅ።

ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ወደ ቀኝ የዞረበትን ሰዓት፣ መጨረሻ የበላውን፣ ጫት መቃሙንም ሳይደብቁ ይንገሩ።