በብሊች ለተጎዳ ፀጉር፦ ፕሮቲን ከመቀባትዎ በፊት አንድ ፀጉር ይፈትኑ

ፀጉራቸውን በብሊች ያነጡ ብዙ ሰዎች መሰባበር ሲጀምር ወዲያው ፕሮቲን ያለበት ማስክ ይገዛሉ፤ ይሁን እንጂ ፕሮቲን አንዱን ዓይነት ጉዳት ሲያግዝ ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ አስቀድመው ከማበጠሪያው ላይ አንድ የረገፈ ፀጉር ያንሡ፤ ውኃ ውስጥ ነክረውም በሁለት እጅዎ ቀስ አድርገው ይሳቡት። ደኅና ፀጉር ትንሽ ተለጥጦ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እንደ ማስቲካ ተጎትቶ ሳይመለስ ከቀረ፣ የፀጉሩን ፕሮቲን ከውስጥ የሚያያይዘው ትስስር በብሊቹ ተበጥሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ እንደ ኦላፕሌክስ ቁጥር 3 ያለ ትስስር ጠጋኝ በእርጥብ ፀጉር ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ቀብተው ቢያንስ 10 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ያለቅልቁት፤ ምርቱ ራሱ ኮንዲሽነር ስላልሆነ (ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው) ከዚያ በኋላ ሻምፖና ኮንዲሽነር መከተል አለበት። ቀለል ያለ ፕሮቲን በየሁለት ሳምንቱ ቢጨመር ይበቃል።

ምንም ሳይለጠጥ ቀጭ ብሎ የሚበጠስ ከሆነ ግን የጎደለው እርጥበት ነው። እኅቴ በየሳምንቱ ፕሮቲን ስትቀባ ፀጉሯ እንደ ጭድ ደርቆ ነበር፤ ፕሮቲኑን ለአንድ ወር አቁማ በየታጠበች ቁጥር ወፍራም ኮንዲሽነር ብቻ ስትጠቀም መለጠጥ ጀመረ።

ሲረጥብ በጣት መካከል የሚሟሽሽ ፀጉር በየትኛውም ምርት ስለማይመለስ፣ ያንን ክፍል መቁረጥ ይሻላል።