የአማርኛ መግለጫ ዩቲዩብ ላይ አልጫን ሲል ባይቱን ቁጠሩ

የጤፍ እንጀራ አጋገር ቪዲዮ በፓይተን ስክሪፕት ወደ ዩቲዩብ ስጭን `invalidDescription` እያለ ይመልስብኝ ነበር። መግለጫው ክፍት ቦታው ሳይቆጠር 1,900 ፊደል ነው፤ ገደቡ ደግሞ 5,000 ነው። ሊንኮቹን አወጣሁ፣ የተከለከሉትን `<` እና `>` ፈለግሁ፣ ሃሽታጎቹን ሰረዝሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

መልሱ የተገኘው በኤፒአዩ ሰነድ ውስጥ ነው። እዚያ 5,000 የሚለካው በባይት ነው! አንድ የግዕዝ ፊደል በ UTF-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ የእኔ መግለጫ ቢያንስ 5,700 ባይት ነበር። ከመላኬ በፊት እንዲህ ለካሁት፦

```python
len(text.encode("utf-8"))
```

ቁጥሩ ከ5,000 በታች እስኪወርድ አሳጠርሁት፤ ወዲያው ተጫነ። ርዕሱ ግን በቁምፊ ስለሚለካ 100 ድረስ ይፈቀዳል። ስልክ ላይ መጨረሻው ስለሚቆረጥ «የጤፍ እንጀራ አጋገር» የሚለውን መጀመሪያ ላይ አድርጉት። በላቲን ፊደል ለሚፈልጉትም መግለጫው ውስጥ `injera` ብላችሁ ጨምሩ።

ያው ጽሑፍ ለቴሌግራም አይሆንም፤ ያለ ፕሪሚየም ከቪዲዮ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ 1,024 ቁምፊ ብቻ ነው። ለዚያ የግብዓቱን መጠንና የማቡኪያውን ሰዓት ብቻ አስቀርቼ `#የጤፍ_እንጀራ` ጨመርሁ። የታችኛው ሰረዝ ከሌለ ሃሽታጉ «የጤፍ» ላይ ይቆማል፤ ነክቶ የሚፈልግ ሰውም እንጀራውን አያገኝም።