አዋሽ ላይ የሚያቋርጥ፣ አዲስ አበባ ሲገባ የሚድን ሞተር

ጎረቤቴ 1.3 ሞተር ያላት አውቶማቲክ ቪትዝ አለችው። ሥራው ሰመራ ስለሆነ በየጊዜው ይመላለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪናዋ ደህና ናት። አዋሽን አልፎ፣ ሜዳው ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጅ ሲረግጥ ግን ሞተሩ ያቋርጣል። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ የቼክ ኢንጅን መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። አዲስ አበባ ሲመለስ ማቋረጡ ይጠፋል። መብራቱ ግን አሁን ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ በርቶ ይቀራል።

ሦስት ሰው ጠየቀ። አንዱ ሙቀቱ ነው አለው። ሌላው ከፍታው ነው አለ። ሦስተኛው መንገድ ላይ በጄሪካን የገዛው ቤንዚን ነው አለ። በመሃል አንድ ጋራዥ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር ቀየረለት፣ መብራቱንም አጠፋለት። ከሳምንት በኋላ መብራቱ ተመልሶ በራ።

እኔ ጋ ሲመጣ ሁለት ችግር ተደራርቦ ነበር። አንዱ ከአቧራ፣ ሌላው ከቤንዚን የመጣ ነው። ከፍታው ደግሞ ጥፋተኛ አልነበረም፤ እንዲያውም ችግሩን ሲደብቅለት ነው የከረመው። እንዴት እንደለየነው ልንገራችሁ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ

በርቶ የቆመ መብራትና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አንድ አይደሉም። በርቶ የቆመው "የተመዘገበ ብልሽት አለ" ነው የሚላችሁ፤ ተረጋግታችሁ ጋራዥ መድረስ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ያለውን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት እያጋለው ነው ማለት ነው። ካታሊስት ብልጭታ ከሚፈጥረው ካንዴላም፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ኮይልም በብዙ ይወደዳል። ስለዚህ ወዲያው እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አሳሱ፣ መቅደሙን ተዉት፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በዚያም ካልቆመ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ።

ኮዱን ሳታስጠፉ ቁጥሩን ያዙ

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ኮዱን ማጥፋት ወይም ባትሪ መንቀል ነው። ይሄ ማስረጃውን መጣል ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተር የብልሽቱን መለያ ኮድ ሲመዘግብ የዚያን ቅጽበት ዙር፣ ፍጥነትና የሞተር ሙቀት አብሮ ያስቀምጣል። ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ስልክ ላይ የሚሠራ ርካሽ የብሉቱዝ ስካነር ለዚህ ሥራ ይበቃል።

የጎረቤቴ መኪና ላይ ሁለት ኮድ ነበር። `P0300` ማቋረጡ ከአንድ ሲሊንደር ጋር ብቻ እንዳልተያያዘ ይናገራል። `P0171` ደግሞ ለአየሩ የሚመጥን ቤንዚን አልደረሰም የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን የሚናገረው የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ያየውን መናገሩ ግን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሴንሰሩ ያለ ጥፋቱ ተቀየረ።

ቀጥሎ ስካነሩ ላይ `STFT` እና `LTFT` የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። ኮምፒውተሩ ከተለመደው መጠን ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያሉ። የመጀመሪያው የአሁኑን፣ ሁለተኛው ሲጠራቀም የቆየውን ነው። ሁለቱን ደምሩ። ድምሩ ከ10 በታች ከሆነ አያሳስብም። ከ20 ሲያልፍ `P0171` ሊመጣ ይችላል።

ዋናው ቁም ነገር ቁጥሩ መቼ እንደሚጨምር ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሦስት ጊዜ አንብቡ፦ ቆሞ ሲሠራ፣ በ2500 ዙር ተይዞ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ተረግጦ። ቆሞ ሲሠራ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር የሚወርድ ከሆነ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ወይም ያረጀ ጋስኬት ፈልጉ። ቆሞ ሲሠራ ደህና ሆኖ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ፣ ወይ የአየር መለኪያው ሴንሰር ቆሽሿል፣ ወይ ቤንዚን በበቂ ግፊት አይመጣም።

የጎረቤቴ ቁጥር ቆሞ ሲሠራ 6፣ በ2500 ዙር 18 ነበር። ወደ እንጦጦ ዳገት ስንወጣ 25 ደረሰ።

የአቧራው ጥፋት

የአየር ፊልትሮውን አወጣነው። በየጉዞው በኮምፕረሰር ሲያስነፋው የኖረ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዘን ስናይ እጥፋቱ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። ከፊልትሮው ወዲያ፣ ንጹሕ መሆን ባለበት ቱቦ ውስጥ ጣቴን ሳስገባ ቀይ አቧራ ይዞ ወጣ። ጠንካራ የኮምፕረሰር አየር ወረቀቱን ይበሳዋል። እንደ አፋር ባለ መንገድ ላይ የተበሳ ፊልትሮ ከቆሸሸው ይብሳል።

የአየር መለኪያው ሴንሰር ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ክር አለው። የሚያልፈው አየር ክሩን ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው በማየት ነው የሚለካው። አቧራ ሲለብስ ክሩ እንደ ካፖርት ይሞቀዋል። የገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን አሳንሶ ይሰጣል። አየሩ ብዙ ሲሆን ስህተቱ ይሰፋል። ቁጥሩ ዳገት ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉና እስኪበርድ ጠብቁ። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ብሎኖቹን ፍቱ። ለዚሁ ሴንሰር ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ንፉበት። ክሩን በጨርቅም በጣትም በጥጥም አትንኩ። የካርቡሬተር ማጠቢያ አይሆንም፤ ዝቃጭ ይተዋል፣ ፕላስቲኩንም ሊጎዳ ይችላል። ሩብ ሰዓት ያህል አድርቁና መልሱ፣ አዲስ ፊልትሮም ግጠሙ። ያኔ ባትሪ መንቀል ወይም ኮዱን ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል።

እኛ ይህን አድርገን አንድ ቀን ከተነዳች በኋላ ቁጥሩ 3፣ 6 እና 7 ሆነ። ባይወርድ ኖሮ ቀጣዩ ሥራ የቤንዚን ግፊት መለካት ነበር። ቆሻሻ ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ያለውን የፓምፕ ማጣሪያ ይደፍነዋል፣ ግፊቱም በጭነት ጊዜ ይወርዳል። ግፊቱን በጌጅ ሳትለኩ ፓምፕ አትቀይሩ።

ማቋረጡ ለምን ቆላ ላይ ብቻ?

`P0171` ጠፋ። በቀጣዩ ጉዞ ግን ማቋረጡ ተመለሰ፤ አሁን ኮዱ `P0303` ሆኗል፣ ሦስተኛው ሲሊንደር።

አዲስ አበባ በግምት 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአየር ግፊቷ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ስለሆነች 96 ትደርሳለች። ሰመራ ብትሞቅም አየሯ ከአዲስ አበባ የወፈረ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል። በታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታ ለመዝለል ደግሞ ካንዴላው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ኮይል ወይም ካንዴላ ደጋ ላይ ሥራውን ይወጣል፤ ቆላ ሲወርድ ያቅተዋል። ደካማ ቤንዚንም እንዲሁ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ሳይታወቅ ሰመራ ላይ ሞተሩን ያንኳኳል።

ስለዚህ "አዲስ አበባ ላይ ሞክሬው ምንም የለውም" የሚል መካኒክ አልዋሸም። ችግሩ የሚወጣበት ቦታ ላይ አልሞከረውም እንጂ።

ቅዳሜ ዕለት ወደ አዳማ ወረድን። የሦስተኛውን ኮይል ከአንደኛው ጋር አቀያየርንና ሙሉ ነዳጅ እየሰጠን ሞከርን። ኮዱ `P0303` ሆኖ ቀረ። ኮይሉ ነጻ ወጣ። ሞተሩ ትንሽ ሲበርድ ካንዴላዎቹን አቀያየርን። በአራተኛው ሙከራ `P0301` መጣ። ኮዱ ካንዴላውን ተከትሎ ሄደ። ካንዴላው ሲነቀል ነጩ ሸክላ ጫፉ ላይ ቀይ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ነበር፤ የሌሎቹም ቀለም ተመሳሳይ ነው፣ ቅርፊቱ ግን ሳሳ ያለ።

ይህ ቀለም ቤንዚን ውስጥ ከሚጨመር ብረት ወይም ማንጋኒዝ የሚመጣ ነው። ደካማ ቤንዚን እንዳያንኳኳ ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው። ቅርፊቱ ሲግል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብልጭታው በአየሩ ሳይዘል በቅርፊቱ ላይ ሾልኮ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ሲሞከር ደህና የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህን ካንዴላ በብረት ብሩሽ ፍቆ መመለስ አያዋጣም። አራቱንም በማኑዋሉ ቁጥር ቀይሯቸው።

ቤንዚኑን መፈተሽ

ከጄሪካን ወይም ከሃይላንድ ጠርሙስ ለመቅዳት ከተገደዳችሁ፣ ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። ውሃ ካለው ከታች ለይቶ ይተኛል። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። ሲጋራም እሳትም አጠገቡ አይሁን። ይህ ሙከራ ግን የብረት ጭማሪውን አያሳይም፤ እሱን የሚናገረው ካንዴላው ብቻ ነው።

ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ከተገኘ ታንኩ ይራገፍ። በጥሩ ቤንዚን ላዩ ላይ መሙላት የሚያዋጣው የገባው መጥፎ ቤንዚን ትንሽ ከሆነ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካንዴላ ሲወጣ ኮምፕሬሽን የሚለካ መካኒክ አለ፤ ጥሩ ነው። ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። 15 ባር የሚጠበቅበት ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 11 አካባቢ ያሳያል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሞተር ይከፈት ሲባል ሰምቻለሁ። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። ልዩነቱ ከ1 ባር ካላለፈ ሞተሩ ደህና ነው።

ጎረቤቴ አራት ካንዴላ ቀየረ፣ ቀሪውን ቤንዚን አስራገፈ፣ ሰመራ ደርሶ ተመለሰ። ዳገቱ ላይ ድምሩ 7 ነው። የድሮውን የኦክስጅን ሴንሰር ከጋራዡ ተቀብሎ አስቀምጦታል፤ ደህና ስለሆነ ለመጠባበቂያ ይሆነዋል።