ሞተሩ ሲነሳ ቦርዱ ለምን ሪሴት ያደርጋል?

ምልክቱ

ጎማው አየር ላይ ሲሽከረከር ሮቦቱ ደህና ነው። መሬት ላይ ሲያርፍና ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ ሲነሱ ግን ESP32ው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ ይህ ይወጣል፦

```
Brownout detector was triggered
```

ብዙ ሰው ወዲያው ኮዱን መነካካት ይጀምራል። መልእክቱ የሚለው ግን ቮልቴጁ ወርዷል ነው።

ምክንያቱ

ባትሪው አራት ቻርጅ የሚደረጉ AA ነው እንበል፤ በድምሩ 4.8 ቮልት። ከባትሪው ሶኬት እስከ ሞተር ድራይቨሩ የተሳለው የመዳብ መስመር 0.25 ሚሊሜትር ስፋትና 5 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። በተለመደው 35 ማይክሮን መዳብ ይህ 0.1 ኦም ገደማ ነው። መመለሻው ግራውንድም እንደዚያው ቀጭን ከሆነ 0.2 ይደርሳል። ሞተሮቹ 2 አምፔር ሲስቡ 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል።

ሪጉሌተሩ ከዚሁ መስመር ጫፍ ላይ ከተቀጠለ የሚደርሰው 4.4 ቮልት ብቻ ነው። AMS1117 ደግሞ 3.3 ለማውጣት፣ ጭነት ሲበዛበት፣ እስከ 4.6 ሊፈልግ ይችላል። የባትሪው የራሱ መውረድ ገና አልተቆጠረም።

ቦርዱን የምትነድፉበት የኪካድ ሶፍትዌር የንድፍ መፈተሻ፣ DRC፣ ይህን አይነግራችሁም። እሱ የሚያየው መስመሩ ከተፈቀደው አነስተኛ ስፋት እንዳያንስና ከጎረቤቱ እንዳይጠጋ ነው። ስንት አምፔር እንደሚያልፍበት አያውቅም።

እንዴት ይረጋገጣል?

መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ሶኬት ፕላስ ላይ፣ ሌላውን የድራይቨሩ VM እግር ላይ። ሞተሩ እየሰራ ጎማውን ለአፍታ በእጅ ያዙት፤ ብዙ አታቆዩት፣ ይሞቃል። 0.2 አካባቢ ካነበበ ጥፋቱ መስመሩ ነው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ግራውንዱንም እንደዚሁ ለኩ። እሱም ደህና ከሆነ ባትሪውን ጠርጥሩ።

መፍትሄው

በእጃችሁ ላለው ቦርድ፣ በቀጭኑ መስመር ላይ ወፈር ያለ ሽቦ በይዱ። ለጊዜው ያስኬዳል።

ለሚቀጥለው ቦርድ ስራው ከስኬማቲኩ ይጀምራል። ድራይቨሩ አጠገብ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ESP32ው እግር ስር 10 ማይክሮፋራድና 100 ናኖፋራድ ጨምሩ። በዚህ ባትሪ የምትሰሩ ከሆነ AMS1117ን ትታችሁ በትንሽ ትርፍ ቮልቴጅ የሚሰራ ሪጉሌተር ብትመርጡ ይሻላል።

ኪካድ ውስጥ Net Classes ላይ ለሞተር መስመሮች ለብቻ ክፍል ክፈቱና ስፋቱን 2 ሚሊሜትር አድርጉት። ያው 5 ሴንቲሜትር አሁን 0.0125 ኦም ብቻ ይሆናል። የሪጉሌተሩ መስመር ከድራይቨሩ ሳይሆን ከባትሪው ሶኬት በቀጥታ ይነሳ። የታችኛውን ሽፋን በሙሉ ለግራውንድ ስጡት። ሞተሩ ሲዞር የርቀት ሴንሰሩ ቁጥር የሚዘልባችሁም ብዙ ጊዜ ግራውንዱ ከሞተሩ ጋር በአንድ ቀጭን መስመር ስለሚመለስ ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት B ተጭናችሁ የግራውንዱን ሙሌት አድሱ፣ ከዚያ ገርበርና የድሪል ፋይል አውጡ። ፋይሎቹን በገርበር ማሳያው ከፍታችሁ የታችኛውን ሽፋን ብቻ ተመልከቱ። ሙሌቱ ከሌለ፣ ወይም በሌላ መስመር ለሁለት ከተቆረጠ፣ አትላኩት።