ከሪግሬሽን በፊት የጎደለ መረጃን ስንሰርዝና ስንሞላ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ የቤተሰብ ወጪ ጥናት ሠርተው ወደ ሪግሬሽን ሊገቡ ከተሰናዱ ተማሪዎች ጋር ስቀመጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ የማገኘው የወር ገቢ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ደመወዙን ሳያመነታ ይናገራል፤ ነጋዴው ግን «እንደ ገበያው ነው» ብሎ ያልፋል፣ አለዚያም ግብር ትዝ ብሎት ዝም ይላል። ተማሪው ታዲያ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ባዶ ያለበትን ቤተሰብ ይሰርዛል ወይም ባዶውን በአማካይ ይሞላል።

ነገሩን በስድስት ቤተሰቦች እንየው። ቁጥሮቹን ስሌቱ በእጅ እንዲሠራ ብዬ ያበጀኋቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ ቤተሰቦች በወር 4 ሺህ ብር ያገኛሉ፤ ለምግብ አንዱ 2 ሺህ፣ ሌላው 4 ሺህ ያወጣል። ሁለቱ 8 ሺህ አግኝተው 4 ሺህና 6 ሺህ ያወጣሉ፤ የቀሩት ሁለቱ 12 ሺህ አግኝተው 6 ሺህና 8 ሺህ ያወጣሉ። ምንም ሳይጎድል ሪግሬሽኑ ሲሠራ የገቢ ኮኤፊሸንት 0.5 ይሆናል፤ ማለትም ገቢ በ1 ሺህ ብር ሲጨምር የምግብ ወጪ በ500 ብር ይጨምራል።

ስህተት 1፦ ሶፍትዌሩ ስንት ቤተሰብ እንደጣለ አለማየት

በ R የ `lm` ትእዛዝ ባዶ ያለበትን መስመር ሁሉ ሳይጠይቅ ይተወዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ መረጃ ሰብሳቢው «አልመለሰም» ለማለት የጻፈው 999 እንደ ገቢ ተቆጥሮ ሊገባ ይችላል። ሁለቱንም ለማወቅ አራት መስመር ይበቃል።

```
d$gebi[d$gebi == 999] <- NA
colSums(is.na(d))
m <- lm(wechi ~ gebi + beteseb, data = d)
nobs(m)
```

ስህተት 2፦ ቦታው ለምን ባዶ እንደቀረ ሳይጠይቁ መሰረዝ ወይም መሙላት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ። መጀመሪያ 12 ሺህ የሚያገኙት ሁለቱ ቤተሰቦች ገቢያቸውን ደበቁ እንበል። እነሱን ሰርዘን በቀሩት አራቱ ሪግሬሽኑን ብንሠራ፣ ከ4 ሺህ ወደ 8 ሺህ ገቢ ስንሄድ አማካይ ወጪ ከ3 ሺህ ወደ 5 ሺህ ያድጋል፤ ኮኤፊሸንቱም ያው 0.5 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ነገር ግን መጉደሉ በገላጩ ተለዋዋጭ፣ በገቢው በራሱ ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነና ግንኙነቱ ቀጥተኛ መስመር ከሆነ፣ መሰረዝ የናሙናውን መጠን ይቀንሳል እንጂ ኮኤፊሸንቱን አያዛባም።

አሁን ምክንያቱን እንለውጥ። መጠይቁ ረጅም የምግብ ዝርዝር አለው፤ የገቢው ጥያቄ ያለው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ብዙ ዓይነት ምግብ የሚሸምተው ቤተሰብ ዝርዝሩን ሲቆጥር ይሰለቻል፤ ቀኑ ሰኞ ከሆነ ደግሞ ወደ ሰኞ ገበያ መሄጃው ስለደረሰ ቃለ መጠይቁን ያቋርጣል። በዚህ ምክንያት ወጪያቸው 6 ሺህና ከዚያ በላይ የሆነው ሦስት ቤተሰቦች ገቢያቸው ሳይመዘገብ ቀረ። እነሱን ስንሰርዝ የሚቀሩት ባለ 4 ሺህ ገቢዎቹ ሁለቱና ወጪው 4 ሺህ የሆነው አንዱ ባለ 8 ሺህ ናቸው። አማካይ ወጪ ከ3 ሺህ ወደ 4 ሺህ ብቻ ስለሚያድግ ኮኤፊሸንቱ 0.25 ይሆናል። ባዶው ያው የገቢ ባዶ ሆኖ ሳለ ውጤቱ በግማሽ ወረደ፤ ምክንያቱም መጉደሉ በጥገኛው ተለዋዋጭ፣ በወጪው ላይ ተመሥርቷል።

መሙላትስ? በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ ወጪው የታወቀ ስለሆነ፣ ከፍተኛ ወጪ ካላቸው መካከል ገቢያቸውን የተናገሩ ጥቂቶች እስከተገኙ ድረስ ገቢን ከወጪ ተነሥቶ በጥንቃቄ መሙላት መዛባቱን ያርማል። በመጀመሪያው ሁኔታ ግን ተቃራኒው ይደርሳል። ከቀሩት አራት ቤተሰቦች ገቢን ከወጪ ብንተነብይ ቀመሩ «ገቢ = 2 + ወጪ» ይሆናል (በሺህ ብር)፤ ስለዚህ 12 ሺህ የሚያገኙትን ቤተሰቦች በ8 ሺህና በ10 ሺህ እንሞላቸዋለን። በስድስቱም ሪግሬሽኑን ስንሠራ ኮኤፊሸንቱ 0.73 ይወጣል። በተሞላው ቁጥር ላይ የዘፈቀደ ልዩነት ቢጨመርበት በአማካይ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ወደ 0.5 አይመለስም። መሰረዝ ትክክል በነበረበት ቦታ መሙላት አጠመመው ማለት ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ «የትኛው ሁኔታ እንደሆነ በሶፍትዌር እንፈትሽ» ይላሉ። መጉደልን በ0 እና በ1 ከፍሎ ከወጪ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ሆኖም ገቢና ወጪ አብረው ስለሚሄዱ በሁለቱም ሁኔታ ግንኙነት ይታያል። መለያው ያለው ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ነው፦ ቃለ መጠይቁ በየትኛው ገጽ ላይ ተቋረጠ? ሰውየው ዝም አለ ወይስ ተነሥቶ ሄደ? እኔ በመጠይቁ ጠርዝ ላይ የተጻፉትን ማስታወሻዎች ሳላይ አልሰርዝም፣ አልሞላምም።

ስህተት 3፦ በአማካይ መሙላት

በመጀመሪያው ሁኔታ ሁለቱን ባዶዎች በቀሩት አራቱ አማካይ፣ በ6 ሺህ ብንሞላ ኮኤፊሸንቱ 0.5 ሆኖ ይቀራል፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋቸውም ይህ ነው። ነገር ግን የመነሻ ቁጥሩ፣ ማለትም ገቢ ዜሮ ሲሆን የሚገመተው ወጪ፣ ከ1 ሺህ ወደ 2 ሺህ ብር ይወጣል፣ ሙሉ መረጃው ላይ 0.73 የነበረው የማብራራት ድርሻም ወደ 0.18 ይወርዳል። ሌላ ገላጭ ተለዋዋጭ፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ብዛት፣ ሲጨመር ጉዳቱ ወደ እሱም ይሻገራል። ገቢያቸው የሚለያይ ቤተሰቦች ሁሉ እኩል ገቢ እንዳላቸው ስለተጻፈ፣ ገቢ ያስከተለው የወጪ ልዩነት በከፊል በቤተሰብ ብዛት ኮኤፊሸንት ላይ ይለጠፋል።

ስህተት 4፦ ሲሞሉ ወጪን መተው

«ጥገኛውን ተለዋዋጭ ተጠቅሞ ገላጩን መሙላት ማጭበርበር ነው» የሚል ሐሳብ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከቤተሰቦቹ ሲሶው ገቢ በዘፈቀደ ጎድሎ፣ ባዶውን ወጪን ሳናይ ከሌሎች ቤተሰቦች ገቢ በዕጣ እያወጣን ብንሞላ፣ የተሞሉት ሰዎች ገቢ ከወጪያቸው ጋር ምንም ዝምድና ስለማይኖረው ኮኤፊሸንቱ በአማካይ በሲሶ ያህል ይቀንሳል።

ስህተት 5፦ አንዴ ሞልቶ እንደተለካ መቁጠር

የተሞላ ገቢ ግምት ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ይህን ስለማያውቅ ስታንዳርድ ኤረሩን አሳንሶ ያወጣል። መፍትሔው ልዩነት ያላቸው ብዙ ሙሌቶችን መሥራት ነው። አምስት ጊዜ ሞልተን 0.42፣ 0.47፣ 0.50፣ 0.53 እና 0.58 አገኘን፣ የእያንዳንዱ ስታንዳርድ ኤረርም 0.08 ነበር እንበል። የምናቀርበው ኮኤፊሸንት የአምስቱ አማካይ 0.50 ነው። የስታንዳርድ ኤረሮቹ ካሬ አማካይ W 0.0064፣ በሙሌቶቹ መካከል ያለው ቫሪያንስ B 0.00365፣ የሙሌቶቹ ብዛት m ደግሞ 5 ሲሆን፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ የዶናልድ ሩቢን ደንብ ጠቅላላ ቫሪያንሱን T እንዲህ ያሰላዋል፦

```
T = W + (1 + 1/m) * B
T = 0.0064 + 1.2 * 0.00365 = 0.01078
```

ካሬ ሥሩ 0.104 ነው፤ አንዴ ብቻ የሞላ ሰው ግን 0.08 ብሎ ይጽፍ ነበር። በ R ይህን ሁሉ የ `mice` ጥቅል ይሠራዋል፤ በነባሪ አሠራሩም ወጪን ጨምሮ ሌሎቹን ዓምዶች ሁሉ ለመሙላት ስለሚጠቀም የመጠይቅ መለያ ቁጥሩን አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል።

```
library(mice)
imp <- mice(d, m = 20, seed = 1)
summary(pool(with(imp, lm(wechi ~ gebi + beteseb))))
```

ገቢያቸውን የደበቁት ባለ ብዙ ገቢዎቹ ናቸው ብሎ የሚጠረጥር ሰው የተሞሉትን ገቢዎች በ20 ከመቶ፣ ከዚያም በ40 ከመቶ ከፍ እያደረገ ሪግሬሽኑን ይድገመው፤ ኮኤፊሸንቱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰም ከመሰረዙ ውጤት ጎን በሠንጠረዥ ያስቀምጠው።