ነጭ ሸሚዝ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን እጥፋቱን የሚያጠፉ ስህተቶች

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ነጭ የጥጥ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው፤ ብርሃኑ ከግራ መጥቶ አርፎበታል፤ ሸሚዙ ክርኑና ወገቡ ላይ ተጨማዷል። የተፈለገው ሸሚዙ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች እንዲኖሩት ነው። የምንሠራው በፎቶሾፕ ነው።

ምንም ከመንካቴ በፊት የ Info ፓኔልን ከፍቼ የሸሚዙን ብሩህነት ሦስት ቦታ እለካለሁ፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ ነው። ብርሃን የመታው ትከሻ 240፣ ሰፊው ደረት 205፣ የእጥፋቱ ውስጥ 130 አካባቢ ሆነ እንበል። ዓይናችን ጨርቁ መታጠፉን የሚያውቀው ከቀለሙ ሳይሆን በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ካለው ልዩነት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ልዩነት የሚያበላሹ ናቸው።

ነጭን በ Hue ለመቀየር መሞከር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው Hue/Saturation ነው። የ Hue መንሸራተቻውን ከዳር እስከ ዳር ቢጎትተውም ሸሚዙ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር የሚዞር ቀለም የላቸውምና። ቀጥሎ አዲስ ሌየር ላይ ጥቁር ሰማያዊ ቀብቶ ሞዱን Color ያደርገዋል። አሁን ቀለም መጣ፣ ግን ውሃ ሰማያዊ ሆኖ መጣ። Color የሚወስደው የቀለሙን ዓይነትና ሙሌት ብቻ ነው፤ ብሩህነቱን ከሥር ካለው ነጭ ሸሚዝ እንዳለ ይተወዋል። ጥቁር ሰማያዊን ጥቁር ሰማያዊ የሚያደርገው ደግሞ ጨለማነቱ ነው። እዚህ ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሞዱን ወደ Normal ይመልሰውና ሸሚዙ ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ለነጭ ልብስ የሚሆነው Multiply ነው። ሸሚዙን መርጣችሁ Solid Color ሌየር ክፈቱ፤ ቀለሙን ቀይ 28፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 84 አድርጉና ሞዱን Multiply በሉት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሸሚዙ ቁጥር ለ 255 ተካፍሎ በቀለሙ ይባዛል። ደረቱ 205 ስለሆነ የቀለሙን 80 በመቶ ያህል ይይዛል፣ ማለትም 23፣ 32፣ 68 ይሆናል። እጥፋቱ ደግሞ ግማሹን ይዞ 14፣ 20፣ 43 ይሆናል። በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ጥምርታ ሳይነካ ሁለቱም አብረው ጨለሙ።

ተቃራኒው መንገድ፣ ጥቁር ሸሚዝን ቢጫ ማድረግ፣ ከዚህ በጣም ይከብዳል። የጥቁር ጨርቅ ቁጥሮች ከ12 እስከ 60 ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ ታጭቀዋል። በ Curves ከ110 እስከ 235 ሲለጠጡ በጥላው ውስጥ ተደብቆ የነበረው የካሜራ ጥራጥሬ፣ ማለትም የተበታተኑት ጥቃቅን ነጥቦች፣ አብሮ ይወጣል፤ ጄፔግ ከሆነም አራት ማዕዘን ምልክቶች ይታያሉ። ከጥሬው ፋይል ተነስቶ በ16 ቢት መሥራት ይረዳል። እጥፋቱ ፎቶው ላይ ጭራሽ ድፍን ጥቁር ከሆነ ግን የሚመለስ ነገር የለም፤ ሌላ ፎቶ ጠይቁ።

ጥለቱን እንደ አንድ ወረቀት መዘርጋት

ቀለሙ ሲያልቅ መስመሮቹ ይመጣሉ። የተለመደው አሠራር የመስመር ምስሉን ከአንገት እስከ ወገብ ዘርግቶ በማስክ መቁረጥ ነው። ውጤቱ ወዲያው ያስቃል፤ በደረቱ ቀጥ ብለው የወረዱት መስመሮች እጁ ላይም በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላሉ፣ ኮሌታውንም ሰንጥቀው ያልፋሉ።

እዚህ ጋ ልብስ ሰፊ የሚያውቀው ነገር ይጠቅማል። ሸሚዝ ከብዙ ቁራጭ ጨርቆች ይሰፋል። የግራና የቀኝ ደረት፣ እያንዳንዱ እጅጌ፣ ኮሌታው፣ የእጅ መዝጊያው፣ ኪሱ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተቆርጦ ነው የሚገጠመው። መስመሩ በእጅጌው ርዝመት ይወርዳል፤ ክርኑ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ኮሌታው ላይ ብዙ ጊዜ ከደረቱ የተለየ አቅጣጫ ይይዛል፤ ትከሻው ስፌት ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ የጥለት ሌየርና የራሱ ማስክ ያስፈልገዋል፤ ድንበሩም ስፌቱ ላይ ይሁን። እያንዳንዱን በ Warp እጠፉት፤ ደረቱ ላይ መስመሮቹ ወደ ጎን ሲዞሩ ይቀራረባሉ፣ መሐል ላይ ይራራቃሉ። ይህን በእጅ የምንሠራው ትልቁን የሰውነት ቅርጽ ለማስያዝ ነው። ትናንሾቹ ጭምዳዶች የሚቀጥለው ደረጃ ድርሻ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ለጥለት ብሎ ከሌላ ፎቶ የተቆረጠ እውነተኛ ጨርቅ አትውሰዱ። ያ ጨርቅ የራሱን ጥላና እጥፋት ይዞ ይመጣና ሸሚዙ ላይ ሁለት ፀሐይ የወጣ ይመስላል።

ለ Displace ያልተዘጋጀ ካርታ መስጠት

Displace የተባለው ፊልተር ጥለቱን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ግራጫ ምስል እያነበበ ነው። ያንን ምስል ካርታ እንበለው። ካርታው ላይ 128 የሆነ ቦታ ጥለቱን አያንቀሳቅስም፤ ከ128 በላይ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ በታች ያለው ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ብዙ ሰው የሸሚዙን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ፣ PSD አድርጎ አስቀምጦ ያንኑ ይሰጠዋል። ከዚያ የሚመጣው ውጤት ሦስት ዓይነት ጉድለት አለው፤ ሦስቱም ከካርታው የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ጥለቱ በጠቅላላው ከቦታው መንሸራተቱ ነው። የእኛ ሸሚዝ ደረት 205 ነበር። Horizontal Scale 10 ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ከ128 በራቀው ልክ አንድ አሥረኛ ፒክስል ይገፋል። 205 ሲቀነስ 128፣ 77 ነው፤ ስለዚህ ምንም እጥፋት የሌለበት ሰፊ ደረት ወደ 8 ፒክስል ይሸሻል፣ እጥፋቱ ግን 130 ስለሆነ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው። መፍትሔው ካርታውን Levels ላይ ከፍቶ የመሐሉን መንሸራተቻ ወደ ቀኝ በመግፋት ሰፊው ደረት 128 አካባቢ እስኪነበብ ማጨለም ነው። ያኔ ሜዳው ይረጋል፤ የሚንቀሳቀሱት ጥላና ብርሃን ያለባቸው ቦታዎች ብቻ ይሆናሉ።

ሁለተኛው፣ መስመሮቹ እንደ መጋዝ ጥርስ መሆናቸው ነው። ካርታው የጨርቁን ድርና ማግ፣ የካሜራውንም ጥራጥሬ እንደ እጥፋት ስላነበበው ነው። Gaussian Blur ስጡት፤ 4000 ፒክስል ስፋት ላለው ፎቶ ከ4 እስከ 8 ፒክስል ጥሩ መነሻ ነው። ክሩ ጠፍቶ እጥፋቱ ገና የሚታይበት ቦታ ላይ ቁሙ። ከዚያ ካለፋችሁ መስመሩ ትንንሾቹን ጭምዳዶች ሳያያቸው ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ሦስተኛው የሚያጋጥመው ሸሚዙ ላይ ቀድሞ ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለ ነው። ጥቁር ፊደል ለካርታው ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ አዲሱ ጥለት በፊደሉ ቅርጽ ይጣመማል። ካርታው ከመቀመጡ በፊት ጽሑፉን አጥፉት። ቁልፎችም እንዲሁ ናቸው።

ካርታውና የምትሠሩበት ፋይል በፒክስል እኩል ይሁኑ፤ ካልሆኑ ካርታው ይለጠጥና እጥፋቱ ከቦታው ይወጣል። Displace ከመስጠታችሁ በፊት የጥለት ሌየሩን Smart Object ብታደርጉት መጠኑን በኋላ መቀየር ትችላላችሁ። ይህን የምለው አንድ ጊዜ ሙሉ ሥራ Scale 25 ላይ ጨርሼ መስመሮቹ እንደ ጅረት ሲፈስሱ ያየሁት በማግስቱ ስለሆነ ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ለሁሉም ፎቶ አይሠራም፤ 8 ፒክስል በ1000 ፒክስል ፎቶ ላይ ብዙ ነው፣ በ6000 ላይ ግን አይታይም።

አንድ ገደብ አለው፣ እሱን መቀበል ነው። Displace ጥቁሩን ዝቅ ያለ፣ ነጩን ከፍ ያለ ብሎ ይገምታል እንጂ የጨርቁን እውነተኛ ቅርጽ አያውቅም። የክንድ ጥላ ደረት ላይ ካረፈ እሱንም እጥፋት ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ካርታው ላይ በግራጫ ብሩሽ አለዝቡት።

ክሩን ረስቶ መጨረስ

ቀለሙም መስመሩም ልክ ሆኖ ሸሚዙ ግን ላስቲክ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ቁጥሩ ይናገራል። ነጩ ሸሚዝ ላይ በሁለት ክሮች መካከል የ10 ልዩነት ከነበረ፣ በ Multiply ሰማያዊው ላይ 3፣ ቀዩ ላይ 1 ብቻ ይቀራል። ክሩ አለ፣ ግን አይታይም። እውነተኛ ጥቁር ጨርቅ እንዲህ አይደለም፤ ቀለሙ ቢጨልምም የክሩ ገጽ ብርሃን ስለሚመልስ ድርና ማጉ ይለያል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሸሚዝ ኮፒ አድርጋችሁ ከሁሉም በላይ አውጡት፣ ቀለሙን አጥፉለት፣ ከዚያ High Pass በ2 ወይም 3 ፒክስል ስጡትና ሞዱን Soft Light አድርጉ። በዚያው የሸሚዝ ማስክ ገድቡት። ክሩ ይመለሳል፤ ከበዛ የሌየሩን Opacity ወደ 50 በመቶ ዝቅ አድርጉ። መስመሮቹም ከፎቶው ይልቅ የጠሩ ከሆኑ ጥለቱን በግማሽ ፒክስል አደብዝዙት። ከኮምፒዩተር የወጣ ጠርዝ ከሌንስ ከወጣ ፎቶ ጋር አይዋደድም።

ጠርዙንና አገጩን አለማየት

ነጭ ወደ ጥቁር ሲቀየር ዳር ዳሩን ነጭ ክር ይቀራል። ማስኩን አንድ ፒክስል ወደ ውጭ ማስፋት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ፀጉር ትከሻ ላይ ከወደቀ ግን እዚያ ቦታ በእጅ መሥራት ነው።

ሌላው ደግሞ የአገጩ ሥር ነው። ነጭ ሸሚዝ ብርሃን ወደ ላይ እየመለሰ አገጩን ከሥር ያበራዋል። ሸሚዙ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ያ ብርሃን ከየት መጣ? ለአገጩና ለአንገቱ ለስላሳ ማስክ ያለው Curves ጨምሩና በትንሹ አጨልሙት። ቀይ ልብስ የነበረ ከሆነ አንገቱ ላይ የቀረውን ቅላት በ Hue/Saturation ቀንሱለት።

ከዚያ ፎቶውን አሳንሳችሁ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ እዩት። ዓይናችሁ ከፊቱ በፊት ሸሚዙ ላይ ከወደቀ ወደ መስመሮቹ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ነጩ መስመር እጥፋት ውስጥ ሲገባ አለመጨለሙ ነው። ያ ከሆነ የጥለት ሌየሩ ሞድ Normal ላይ ቀርቷል። የጥለት ምስሉ ራሱ ጥቁር ሰማያዊ መደብና ነጭ መስመር ይኑረው፣ ሞዱን Multiply አድርጉት፣ Solid Color ሌየሩን ደግሞ አጥፉት። ነጩ መስመር ከሥሩ ያለውን ሸሚዝ ስለሚያሳልፍ እጥፋቱ ውስጥ ሲገባ እንደ ድሮው 130 ይሆናል።