ኔትፍሊክስ «ብዙ ሰው እያየ ነው» ካላችሁ

ስታንዳርድ ፓኬጅ በአንድ ጊዜ 2 ስክሪን ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ስንት ስልክ ላይ ገብታችሁ እንደተዋችሁት አይቆጥርም። ሦስተኛው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ በብሮውዘር Account ውስጥ ገብታችሁ Manage access and devices የሚለውን ክፈቱ። የመሣሪያው ዓይነት፣ ፕሮፋይሉና መጨረሻ የታየበት ሰዓት ይወጣል። ቦታውን ግን ብዙ አትመኑት፤ በኢንተርኔት አድራሻ ስለሚገምት ፒያሳም ካዛንቺስም ያው «አዲስ አበባ» ነው። ካዛንቺስ እንግዳ ማረፊያ ቲቪ ላይ ገብታችሁ ረስታችሁ ከወጣችሁ፣ የማታውቁት ቲቪ ትላንት ማታ ሲያይ አምሽቶ ታገኙታላችሁ። እሱን ብቻ Sign Out በሉት፣ የቤታችሁ አይነካም። ወዲያው ላይቋረጥ ስለሚችል ትንሽ ታገሱት። ፓስዎርዱን የሚያውቅ ሰው ከሆነ ግን ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ ቀይሩትና ሁሉም መሣሪያ እንዲወጣ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ያኔ የእማዬንም ቲቪ እንደ አዲስ ማስገባት አለ።